ቁም ሳጥኑ ከመኪናው ይገባል? ከመክፈልዎ በፊት ሜትር ያውጡ

የመኪና አምራቾች የኋላ ኮፈንን ስፋት የሚገልጹት በሊትር ነው። ቁጥሩ መኪና ከመኪና ለማወዳደር ይጠቅማል፤ ብስክሌት ወይም የቁም ሳጥን ካርቶን ይገባ እንደሆነ ለማወቅ ግን አይረዳም። ምክንያቱ ሊትሩ የሚለካበት መንገድ ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ 20 በ10 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር የሚሞሉ ትንንሽ ብሎኮችን ኮፈኑ ውስጥ መደርደር ነው። ብሎኮቹ ጥጋጥጉን ሁሉ ገብተው ይሞላሉ። የቁም ሳጥን ካርቶን ግን ጥጋጥግ ውስጥ አይታጠፍም። ስለዚህ ሊትሩን ትተው በሳንቲ ሜትር ማሰብ ይኖርብዎታል።

መለካት የሚጀመረው ከመኪናው ሳይሆን ከዕቃው ነው። ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተጽፏል፤ ካልተጻፈ ሱቁ ውስጥ ይለኩት። የተገጣጠመው ቁም ሳጥን ቁመት የካርቶኑን ርዝመት በትክክል አይነግርዎትም፤ ማሸጊያው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይጨምራልና።

ቀጥሎ የመኪናው በር ይለካል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወለሉን ለክቶ በሩን ይረሳል። ዕቃው ወለሉ ላይ ከመተኛቱ በፊት ግን በበሩ ማለፍ አለበት። የበሩን ወርድ በጣም በጠበበበት ቦታ፣ ቁመቱን ደግሞ ከታችኛው ከንፈር እስከ ላይኛው ጠርዝ ይለኩ። ከንፈሩ ላይ ጉጥ ብሎ የሚወጣውን የመቆለፊያ ብረት አይዝለሉት። ወደ ውስጥ ሲገቡ ሦስት ነገሮች ይለካሉ፤ የኋላ ወንበር ታጥፎ ከተዘጋው በር እስከ ፊት ወንበር ጀርባ ያለው ርዝመት፣ ከጎማ ቤት እስከ ጎማ ቤት ያለው ወርድ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለው ከፍታ። የኋላው መስታወት ወደ ፊት ስለሚያጋድል ርዝመቱ ከወለሉ ከፍ ባሉ ቁጥር ያጥራል። ስለዚህ አንዴ ወለሉ ላይ፣ አንዴም ዕቃው በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይለኩት።

አሁን በምሳሌ እንየው። ቪትዝን የመሰለች፣ ከኋላ በር ያላት ትንሽ መኪና አለችን እንበል። የኋላ በሯ ወርድ 95፣ ቁመቱ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። ወንበሯ ሲታጠፍ የወለሉ ርዝመት 140፣ በጎማ ቤቶቹ መካከል ያለው ወርድ 98 ሆነ። ሊገባ የተፈለገው ካርቶን ርዝመቱ 185፣ ወርዱ 55፣ ውፍረቱ 15 ነው። በበሩ ያልፋል፤ ወለሉ ግን በ45 ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል።

አብዛኛው ሰው ወዲያው «በሰያፍ ይገባል» ይላል። የወለሉ ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ 171 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለ185ቱ ካርቶን ከመጀመሪያውም አይበቃም። ርዝመቱ 160 ለሆነ ካርቶን ግን የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን 171 የሚሆነው እንደ ክር ለቀጠነ ነገር ብቻ ነው፤ ወርድ ያለው ዕቃ ጥጉ ላይ ሲደርስ ትከሻው ግድግዳውን ይነካል። ካርቶኑ 15 ሳንቲ ሜትሩን ወለሉ ላይ አድርጎ በጠርዙ ሲቆም በሰያፍ የሚገባው እስከ 157 ድረስ ነው። ወርዱ 40 የሆነ ካርቶን ወለሉ ላይ ቢተኛ ደግሞ ሰያፉ ጭራሽ ምንም አይጨምርለትም፤ ቀጥ ብሎ ቢገባ ይሻለዋል። ሰያፍ የሚረዳው ለቀጭን ነገር ነው፤ 160ውም ካርቶን በሦስት ሳንቲ ሜትር ይቀራል።

ለ185ቱ የቀረው መንገድ የጋቢናው የተሳፋሪ ወንበር ነው። ወንበሩን ወደ ፊት ገፍተው መደገፊያውን ወደ ኋላ ያስተኙና ከኋላው በር እስከ ዳሽቦርዱ ይለኩ። 210 ከሆነ ርዝመቱ ይበቃል። አሁን ወርዱ ይቀራል፤ ከተሳፋሪው በር የክንድ ማረፊያ እስከ ሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ያለው ክፍተት ከ55 መብለጥ አለበት። ካርቶኑ ማርሹን የሚነካ ወይም የቀኙን የጎን መስታወት የሚጋርድ ከሆነ ገባ አይባልም። ከገባም በቀበቶ ወይም በገመድ ይታሰር፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚንሸራተተው ከባድ ካርቶን ነው።

ብስክሌት ከካርቶን የሚለየው ስለሚፈታ ነው። ባለ 26 ጎማ ብስክሌት እንውሰድ። በሁለቱ ጎማዎች መሐል ነጥብ መካከል ያለው ርቀት 105 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የጎማው ስፋት ከነላስቲኩ ወደ 66 ይጠጋል። ሙሉው ብስክሌት 171 ሆነ ማለት ነው። የፊቱ ጎማ ሲወልቅ 33 ይቀንስና 138 ይሆናል፤ የ140ው ወለል ለጥቂት ይበቃዋል። ኮርቻውን ከነቧንቧው ያውጡ፤ መሪውንም አላልተው ከአካሉ ጋር ትይዩ ያድርጉት፤ አለዚያ ወደ ላይ ቆሞ ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል። ፔዳሉም ከተፈታ ይሻላል፤ የግራው ፔዳል በተገላቢጦሽ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ሲዞር እንደሚፈታ አይርሱ። ብስክሌቱን በጎኑ ሲያስተኙት ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ማርሽ መቀየሪያው ከታች ከዋለ በክብደቱ ይጣመማል። የኋላው ጎማ ጫፍ ዝቅ ስለሚል ወደ መስታወቱ፣ መሪው ወደ ፊት ይዙር። ዲስክ ፍሬን ካለው ደግሞ ጎማው እንደወለቀ መያዣውን አይጫኑ፤ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ።

እንደ ኮሮላ ያለ፣ ኮፈኑ ከወንበሩ የተለየ መኪና ከሆነ ሂሳቡ ይለያል። የኋላው ወንበር ቢታጠፍም በመካከሉ ያለው ቀዳዳ ከኮፈኑ እጅግ ይጠብባል፤ የሚለካው እሱ ነው። የማይታጠፍ ከሆነ ሁለቱንም ጎማ ያወለቁት ብስክሌት የኋላ መቀመጫው ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ የመቀመጫው ቦታ የሚለካው ግን በሮቹ ተዘግተው በክንድ ማረፊያዎቹ መካከል ነው።

ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። የካርቶኑን ርዝመት ያህል የመጥረጊያ እንጨት ወይም ገመድ ያዘጋጁ፤ የካርቶኑን ጫፍ ያህል ወርድና ውፍረት ያለው ሌላ ካርቶን ይቁረጡ። ሁለቱን ይዘው በሩ ላይ ይሞክሩ። የሚተርፈው ክፍተት ከሦስት ሳንቲ ሜትር ካነሰ አይገባም ብለው ይውሰዱት፤ ዕቃው ሲገባ ስለሚያጋድል ቀጥ ብሎ ከሚለካው በላይ ቦታ ይፈልጋል።

ካርቶኑን ቀዶ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ መጫን ውፍረቱን ይቀንሳል፤ ርዝመቱን ግን አይቀንስም። የኋላውን በር ከፍቶ መሄድም መፍትሔ አይደለም፤ የጭስ ማውጫው ጭስ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ዕቃውም ሊወድቅ ይችላል። ርዝመቱ እንቢ ካለ ፒክአፕ ይከራዩ፤ ከተሰበረ ጣውላ ወይም ከተቧጨረ መኪና ይረክሳል።