ጥንቃቄና ማሳሰቢያ በቻይንኛ ሲምታቱ

አንድ የሃይድሮሊክ ፕሬስ ለቻይና ፋብሪካ ሲሸጥ መመሪያውም በቻይንኛ መቅረብ አለበት። መመሪያው ወፍራም ከሆነ ለብዙ ተርጓሚዎች ይከፋፈላል፤ መዘዙም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዜድ535 በተባለው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት የደህንነት ቃላት አራት ናቸው። በቀይ የሚጻፈው «አደጋ» ካልተጠነቀቁ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት እንደሚደርስ ይናገራል። ብርቱካናማው «ማስጠንቀቂያ» ሊደርስ ይችላል ይላል። ቢጫው «ጥንቃቄ» ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳትን ይመለከታል። ሰማያዊው «ማሳሰቢያ» ግን ሰውን አይመለከትም፤ የሚበላሸው ማሽኑ ወይም ዕቃው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አያስቸግሩም፤ በቻይንኛ «ዌይሺየን» እና «ጂንግጋኦ» ይባላሉ። ችግሩ ቢጫው ላይ ነው። አንዱ ተርጓሚ «ሺያኦሺን» ሲለው ሌላው «ጁዪ» ይለዋል። ሁለቱም ትክክለኛ ቻይንኛ ናቸው። ነገር ግን «ጁዪ» ለሰማያዊውም ስለሚያገለግል፣ እጅ የሚያቆስል ነገርና ዘይት የሚያበላሽ ነገር በአንድ ስም ይጠራሉ። ሠራተኛው ደግሞ ጊዜ ሲያጥረው የሚያየው ያንን አንድ ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ ትርጉሙ ሳይጀመር ሙዳየ ቃላት ይዘጋጃል። በአንድ መስመር ላይ ዋናው ቃል፣ ፍቺው፣ የተፈቀደው የቻይንኛ ቃልና የተከለከሉት ቃላት ይሰፍራሉ። ለ«ጥንቃቄ» የተፈቀደው «ሺያኦሺን» ከሆነ «ጁዪ» በዚያው መስመር በተከለከሉት ሥር ይጻፋል፤ ለ«ማሳሰቢያ» ብቻ ይቀራል። ብዙዎች ይህን የክልከላ ዓምድ ይዘሉታል፤ ስህተትን የሚይዘው ግን እሱ ነው።

ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ ዓረፍተ ነገሩም ቅርጽ ይፈልጋል። በፕሬሱ መመሪያ ላይ ለእጅ መጨፍለቅ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ አደጋውን፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና መከላከያውን በዚህ ቅደም ተከተል ይናገራል። «የመጨፍለቅ አደጋ። ወደ ታች የሚወርደው ክፍል እጅን ይጨፈልቃል። እጅ ከማስገባት በፊት ኃይሉን አጥፍቶ መቆለፍ ያስፈልጋል።» እዚህ ላይ «መቆለፍ» የሚለው «ሻንግሱዎ ጓፓይ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቁልፍ አድርጎ የማስጠንቀቂያ ካርድ ማንጠልጠል ማለት ነው። ተርጓሚው በ«ማጥፋት» ብቻ ካለፈው፣ የሥራ ባልደረባው ማሽኑን መልሶ እንዳያስነሳ የሚከለክለው ነገር ከመመሪያው ይወጣል።

የቻይና ገበያ ሲባልም የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ሃይድሮሊክ በዋናው ቻይና «ዬያ» ሲባል በታይዋን ብዙ ጊዜ «ዮያ» ይባላል፤ ሁለቱን በአንድ መዝገብ መደባለቅ አይገባም።

ፍተሻው ቀላል ነው። በዋናው ጽሑፍ ውስጥ «ጥንቃቄ» ስንት ጊዜ እንዳለ ተቆጥሮ በትርጉሙ ካለው «ሺያኦሺን» ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ከዚያ «ጁዪ» እየተፈለገ በቢጫ ምልክት ሥር የገባው ይታረማል። ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ምልክትም ከዚሁ መዝገብ መወሰድ አለበት፤ መዝገቡ ሲታረም ምልክቱም አብሮ ይቀየር።