ከዲፕሎማው ትርጉም ግርጌ የሚፈረመው ቃል

ዲፕሎማውን ለቪዛ ጉዳይ ሊያስተረጉም ትርጉም ቤት የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማህተም ነው። ማህተም ይመታበታል ወይ? ውልና ማስረጃ መሄድስ ያስፈልጋል? ጥያቄው የሚገርም አይደለም፤ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ማህተም የሌለው ወረቀት ከየትም በር አያልፍም። ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በሚቀርብ ማመልከቻ ላይ ግን ጉዳዩን የሚወስነው ማህተሙ ሳይሆን ተርጓሚው በራሱ ስም የሚፈርምበት አጭር የማረጋገጫ ቃል ነው።

ይህ ቃል የሚመነጨው ከአሜሪካ የፌዴራል ደንቦች ርዕስ 8፣ ክፍል 103.2 ነው። ደንቡ በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ማንኛውም ሰነድ ከሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር እንዲቀርብ ያዛል። ከዚያም ተርጓሚውን ሁለት ነገር ያስፈርመዋል። አንደኛው ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰነዱ ከተጻፈበት ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የመተርጎም ብቃት እንዳለው ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ትርጉሙ ምንም ያህል ቢያምር በደንቡ ዓይን ማረጋገጫ የለውም።

የማረጋገጫው ቃል ራሱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይዘቱ በአማርኛ ቢነገር ይህን ይመስላል፦ «እኔ እገሌ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፌ የማውቅና ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት ያለኝ መሆኔን፣ ከዚህ ጋር የተያያዘውም ለእገሌ በዚህ ቀን የተሰጠው የቴክኒክና ሙያ ዲፕሎማ ትርጉም ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ ፊርማ፣ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ቀን ይከተላሉ። ሰነዱን በስሙና በባለቤቱ ለይቶ መጥራቱ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። «የተያያዘው ሰነድ» ብቻ የሚል ቃል ከአሥር ወረቀቶች መሃል ቢወድቅ የየትኛው ትርጉም ማረጋገጫ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዲፕሎማውና ትራንስክሪፕቱ አብረው ከተተረጎሙም ለየራሳቸው ማረጋገጫ ቢኖራቸው ይሻላል።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ምሳሌ እናንሳ። ቨርጂኒያ ያለ ጋራዥ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ አውቶ መካኒክ ሊቀጥር ፈልጎ በሥራ ላይ በተመሠረተው የስደተኛ ቪዛ መንገድ አቤቱታ አቀረበለት እንበል። ሥራው ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና ወይም ልምድ የሚጠይቅ ነውና ቀጣሪው ሠራተኛው መስፈርቱን ማሟላቱን በሰነድ ማስረዳት አለበት። መካኒኩ በእጁ ያለው ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ተቋም የተሰጠው የ10+3 ዲፕሎማ ነው፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1998 ዓ.ም. የተፈረመ። ፊት ለፊቱ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በፎቶው ጠርዝ ላይ ያረፈ ክብ ማህተም፣ የዲኑ ፊርማና የመለያ ቁጥር አለበት። ጀርባው ላይ ደግሞ ሬጅስትራሩ በእስክሪብቶ የጻፈው ሁለት መስመር ይገኛል።

መጀመሪያ የተሠራው ትርጉም ለዓይን ያማረ ነበር። ወፍራም ወረቀት ላይ በጌጥ ፊደል ታትሟል፤ የትርጉም ቤቱ ሰማያዊ ማህተምም አለበት። የፊት ገጹ ጽሑፍ በሙሉ ተተርጉሟል። የማህተሙ ጽሑፍ ግን የለም፣ የጀርባውም የለም። ከግርጌ ደግሞ «ትክክለኛ ትርጉም» የሚል ቃል ብቻ ታትሞ ማንነቱ የማይነበብ ፊርማ ተጭሮበታል።

እዚህ ላይ «ሙሉ» የሚለው ቃል ትርጉም ያገኛል። ሙሉ ትርጉም ማለት በዋናው ሰነድ ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ በቃል ሊተረጎም የሚችለው ተተርጉሞ፣ የማይችለው ደግሞ በቅንፍ ተገልጾ የሚገኝበት ማለት ነው። ማህተም ካለ «ክብ ማህተም» ተብሎ በውስጡ የሚነበበው ይጻፋል። ግማሹ ከደበዘዘ የተነበበው ተጽፎ ቀሪው «የማይነበብ» ይባላል። ፊርማ «ፊርማ» ተብሎ፣ ፎቶግራፍም «የባለ ዲፕሎማው ፎቶግራፍ» ተብሎ በቦታው ይመለከታል። ያለቀለም ወረቀቱን አጉብጦ የሚታተመው ማህተም በፎቶ ኮፒ ላይ ስለማይወጣ ተርጓሚው ዋናውን ሰነድ በእጁ ይዞ ማየት ይኖርበታል። ብዙ ተርጓሚዎች በስልክ የተነሳ ምስል ተልኮላቸው ሲሠሩ የሚያመልጣቸው ይኸው ነው። የማይነበበውን ገምቶ መሙላት ግን ከመዝለልም የባሰ ነው፤ የሚፈርምበት ቃል ያየውን እንጂ የገመተውን አያካትትምና።

ከሁሉ የሚያሳስበው የቀኑ ነገር ነበር። የመጀመሪያው ተርጓሚ ሐምሌን በፈረንጅ ወር ለውጦ 1998ን እንዳለ ትቶታል። የመካኒኩ ፓስፖርት የትውልድ ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር 1986 ይላል። ፋይሉን የሚያነበው መኮንን ሁለቱን ሲያስተያይ በ12 ዓመቱ ከቴክኒክ ተቋም የተመረቀ ሰው ያገኛል። እውነቱ ሐምሌ 8 ቀን 1998 ዓ.ም. በፈረንጅ ጁላይ 15 ቀን 2006 መሆኑ ነው፤ ልጁ የተመረቀው 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለ ቀን ከሆነ በዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ይደመራል። ወሩና ቀኑም አብረው ይለወጣሉ እንጂ ዓመቱ ብቻ ተነጥሎ አይቀየርም። ዘዴው ቀላል ነው፦ በዋናው ላይ የተጻፈው ቀን እንደተጻፈ ተቀምጦ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ይባላል፣ የፈረንጁ አቻ ደግሞ በተርጓሚ ማስታወሻነት በቅንፍ ይከተላል። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይችላል።

ስምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ፀሐይ፣ ጌጤነህ ወይም ኃይለ ማርያም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ሊጻፉ ይችላሉ። አዋቂ ተርጓሚ የደንበኛውን ፓስፖርት ጠይቆ በዚያው አጻጻፍ ይሄዳል። ይህ ግን የሚሠራው ስሙ አንድ ሆኖ አጻጻፉ ብቻ ሲለያይ ነው። ዲፕሎማው ላይ ወንድሙ፣ ፓስፖርቱ ላይ ወንድምአገኘሁ ከሆነ ተርጓሚው ወንድሙን ወንድምአገኘሁ ማድረግ አይችልም። እዚያ ያለው ልዩነት በፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም በሌላ ማስረጃ የሚብራራ የአመልካቹ ጉዳይ ነው። በትርጉም ውስጥ የተደበቀ የስም ልዩነት ዋናው ሰነድ በተገለጠ ጊዜ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ጥያቄው ከስም አልፎ ወደ ማጭበርበር ይሄዳል።

የትምህርቱን ደረጃም ከፍ ማድረግ የሚያጓጓቸው አሉ። የ10+3 ዲፕሎማን «ዲግሪ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ደንበኛውን የረዳ ይመስለዋል። ተርጓሚው መጻፍ ያለበት በሰነዱ ላይ ያለውን ነው፤ 10+3 ተብሎ ከተጻፈ 10+3 ብሎ። የኢትዮጵያው ደረጃ ከአሜሪካው ከየትኛው ጋር ይስተካከላል የሚለውን የሚመልሱት የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃዎችን የሚገመግሙ ለይተው የቆሙ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱም ዘገባቸውን የሚያዘጋጁት ትርጉሙን አንብበው ነው። ትርጉሙ ከዋናው ከተለየ ግምገማውም አብሮ ይበላሻል።

በዚህ መልኩ ሲታይ የማረጋገጫው ቃል ድንበር አለው። ተርጓሚው ዲፕሎማው እውነተኛ ስለመሆኑ፣ ተቋሙ እውቅና ያለው ስለመሆኑ ወይም መካኒኩ በእርግጥ ስለመማሩ ምንም አይመሰክርም። የሚመሰክረው በአማርኛው ያለው በእንግሊዝኛው መኖሩን ብቻ ነው። ኖታሪም ቢሆን ከዚህ የሚያሻግረው ነገር የለም። አሜሪካ ያለ ኖታሪ የሚያረጋግጠው ያ ሰው ፊቱ መፈረሙን ነው፤ አማርኛ ስለማያውቅ የትርጉሙን ትክክለኛነት ሊናገር አይችልም። ደንቡም ኖታሪን አይጠይቅም። ስለዚህ ገንዘብ የሚከፈልበት የኖታሪ ማህተም ኖሮ የብቃቱ ቃል ቢጎድል ፋይሉ አሁንም ጎዶሎ ነው።

ማን ይፈርም የሚለው ብዙዎችን ያከራክራል። በአሜሪካ ተርጓሚዎችን የሚያስመዘግብና ፈቃድ የሚሰጥ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም፣ ደንቡም የሙያ ማኅበር አባልነትን አይጠይቅም። ሁለቱን ቋንቋዎች በሚገባ የሚያውቅ ሰው መፈረም ይችላል። ያም ሆኖ ወንድም ለወንድሙ፣ ሚስትም ለባልዋ እንዲተረጉሙ መምከር ተገቢ አይደለም። ደንቡ ዘመድን በስም ባይከለክልም በውጤቱ የሚጠቀም ሰው የሰጠው ቃል ጥርጣሬ ይጋብዛል፤ ፋይሉ በሌላ ምክንያት ከተጠረጠረ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

አገር ሲለወጥ መስፈርቱም ይለወጣል። የብሪታንያ ኢሚግሬሽን ደንብ ትርጉሙ በራሱ መንገድ ሊጣራ የሚችል እንዲሆን ይፈልጋል፤ በመሆኑም ቀኑ፣ የተርጓሚው ወይም የድርጅቱ ኃላፊ ሙሉ ስምና ፊርማ፣ የሚገኝበትም አድራሻ መኖር አለበት። እዚያው ብሪታንያ ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ ለሚያመለክት ደግሞ የተርጓሚው የሙያ ማስረጃ ዝርዝር ይጨመርበታል። በጀርመን ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ ባለሥልጣናት በአብዛኛው የሚቀበሉት በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የሠራውን ነው። ለአሜሪካ የተዘጋጀን ትርጉም ለጀርመን ጉዳይ ማቅረብ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው።

ወደ መካኒኩ እንመለስ። እንዲህ ያለ ጎዶሎ ትርጉም የደረሰው መኮንን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለቀጣሪው ይልካል። የመጀመሪያ ማስረጃ ስለጎደለ ብቻ ሳይጠይቅ ውድቅ የማድረግ ሥልጣንም ግን አለው። ደብዳቤው ከመጣ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ሳምንት ነው፣ አይራዘምምም። የተጠየቀው ሁሉ በአንድ ላይ መላክ አለበት፤ ዛሬ ትርጉሙን፣ በሚቀጥለው ወር ማረጋገጫውን እያሉ መከፋፈል አይቻልም። አዲሱ ተርጓሚ እንግዲህ ዋናውን ዲፕሎማ ተቀብሎ ጀርባውን፣ ማህተሙንና ቀኑን ከነአቻው ይሠራል፤ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የብቃቱንና የሙሉነቱን ቃል ጽፎ ይፈርማል። የፈረመበትም ቀን ሥራውን የጨረሰበት ቀን ይሆናል እንጂ የድሮውን ትርጉም ቀን አይዋስም። ከዚያ የዋናው ዲፕሎማ የሁለቱም ገጽ ኮፒ፣ ትርጉሙና ማረጋገጫው በአንድ ላይ ተያይዘው ከደብዳቤው ጋር ይላካሉ።