ማህፀን አልጠነክር ሲል

እርግዝና ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በእናት ማህፀን ውስጥ በየደቂቃው ግማሽ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ደም ያልፋል። አብዛኛው የሚሄደው የእንግዴ ልጁ ወደተጣበቀበት ቦታ ነው። ልጅ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ያ ቦታ ብዙ የደም ሥሮች አፋቸውን የከፈቱበት ቁስል ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ የወለደች እናት ሁሉ ደሟ ፈስሶ የማያልቀው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ የማህፀን ጡንቻ ነው። የጡንቻው ክሮች እንደ ሰሌን ወዲህና ወዲያ የተጠላለፉ ናቸው፤ የደም ሥሮቹም በክሮቹ መካከል ሾልከው ያልፋሉ። የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ማህፀኑ ሲኮማተር ክሮቹ ይጠብቁና ሥሮቹን አንቀው ይይዛሉ። የደም መርጋት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ አዋላጅዋ ልጁን ለእናቱ እንዳቀፈች እጇን መልሳ እምብርት አካባቢ ስታሳርፍ የምትፈልገው ነገር አለ፦ ማህፀኑ ጠንክሯል ወይስ ልፍስፍስ ብሏል?

በምጥ ከወለደች በኋላ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም የፈሰሳት እናት ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስ አጋጥሟታል ይባላል። ችግሩ ይህን መጠን በዓይን መገመት አለመቻሉ ነው። ደሙ ከእንሽርት ውኃ ጋር ይቀላቀላል፣ ጨርቅ ይመጠዋል፣ አልጋ ሥር ይንጠባጠባል፤ ልምድ ያለው ባለሙያ እንኳ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አሳንሶ ይገምታል። በዚያ ላይ ወጣትና ጤነኛ የሆነች እናት ሰውነቷ ለጊዜው ይቋቋማል። የደም ግፊቷ ሲወርድ እስኪታይ ድረስ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ልታጣ ትችላለች። ለዚህ የተገኘው መላ ቀላል ነው፦ ልጁ እንደተወለደ ከእናቲቱ ሥር የሚነጠፍና ጫፉ ላይ ደም የሚጠራቀምበት፣ የልኬት መስመር የተሰመረበት ኪስ ያለው ፕላስቲክ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ጥናት በዚህ ፕላስቲክ ደሙን እየለኩ፣ ሕክምናውንም አንድ በአንድ እየጠበቁ ሳይሆን በአንድነት ሲጀምሩት ከባድ መድማትና የከፋ መዘዙ በ60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የሕክምናውን ቅደም ተከተል ለመረዳት አንድ ጉዳይ በምሳሌ እንከተል። በገጠር ጤና ጣቢያ አምስተኛ ልጇን የወለደች እናት እናስብ። ምጧ ረጅም ነበር፤ ልጁም ከ4 ኪሎ በላይ ነው። እንደተወለደ አዋላጅዋ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ ወጋቻት፤ ይህ ለወለደች እናት ሁሉ የሚሰጥ፣ ማህፀን የሚያኮማትር መከላከያ መርፌ ነው። የእንግዴ ልጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወጣ። ሁሉም ደህና ይመስላል። ፕላስቲኩ ላይ ያለው ደም ግን የ300ን መስመር አለፈ፤ የልብ ምቷም በደቂቃ ከ100 በላይ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን በሚመክረው መሠረት እነዚህ ሁለቱ አብረው ከታዩ 500 እስኪሞላ አይጠበቅም።

አዋላጅዋ ሆዷን ስትዳስስ ማህፀኑ ለስልሶ ቅርጹ እንኳ አልያዝ አላት። «አይዞሽ እናቴ፣ ሆድሽን ላሸው ነው፤ ትንሽ ያምሻል» ብላ መዳፏን የማህፀኑ አናት ላይ አድርጋ እያሽከረከረች አጥብቃ ማሸት ጀመረች። የማሸት ሥራው አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ጡንቻውን ይቀሰቅሰዋል፣ ውስጡ የረጋ ደም ካለም ገፍቶ ያወጣል። ጓደኛዋ በዚሁ ደቂቃ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰካችላት፤ ኦክሲቶሲን ተጨመረበት። ፊኛዋ ሞልቶ ስለነበር በቱቦ ተሸናላት፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይ ገፍቶ እንዳይኮማተር ይከለክለዋልና። ይህን ትንሽ ነገር የዘነጋ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሊደናገጥ ይችላል።

አራተኛው ነገር ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። አንድ ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ የረጋ ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ ያደርጋል። መድኃኒቱን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤታቸው ሾሱኬ ሲሆኑ፣ ኡታኮ የወለዱ እናቶችን እንዲያድን ይመኙ ነበር። ከ20 ሺህ በላይ እናቶች በ21 አገሮች የተሳተፉበት ትልቁ ጥናት ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017፣ እሳቸው ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ጥቅም የለውም፤ በየ15 ደቂቃው መዘግየትም ኃይሉ ይሸረሸራል። ስለዚህ «ሌላው ካልሠራ እንሞክረዋለን» ተብሎ የሚቆይ መድኃኒት አይደለም።

ይህ ሁሉ እየተሠራ አዋላጅዋ ምክንያቱን ትፈልጋለች። በሕክምና ትምህርት ቤት ምክንያቶቹ በእንግሊዝኛ ቲ በሚለው ፊደል በሚጀምሩ አራት ቃላት ይጠናሉ፦ ቶን፣ ትራውማ፣ ቲሹ፣ ትሮምቢን። የመጀመሪያው የጡንቻው መላላት ነው፤ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ መድማት የሚመጣው ከዚህ ነው። ትልቅ ልጅ፣ መንታ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ብዙ ጊዜ መውለድና ኢንፌክሽን ጡንቻውን ያደክሙታል። የምሳሌያችን እናት ከእነዚህ ሦስቱ አሉባት። ይሁን እንጂ አንዱ ምክንያት ሌላውን አያስቀርም፤ ጡንቻ ላልቶ በላዩ ላይ ብልት የተቀደደባት እናት ትኖራለች።

ሁለቱን ለመለየት አሁንም እጅና ዓይን ያስፈልጋሉ። ማህፀኑ ጠንክሮ ደማቅ ቀይ ደም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ቦታው ሌላ ነው፤ የማህፀን በር ወይም የብልት ግድግዳ ተቀድዷል። ያን ጊዜ በጥሩ መብራት መፈተሽና መስፋት እንጂ ኦክሲቶሲን መጨመር አይረዳም። ሦስተኛው የእንግዴ ልጁ ወይም ቁራጩ ውስጥ መቅረቱ ነው። ለዚህ ነው አዋላጆች የወጣውን የእንግዴ ልጅ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ከእናት ጋር ተጣብቆ የነበረውን ጎን ቁራጭ በቁራጭ የሚያዩት፤ አንድ ቦታ የጎደለ ከመሰለ የቀረው ውስጥ አለ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ወይም ከዚያ በፊት ደም ካፈሰሰ በማደንዘዣ በእጅ መውጣት አለበት። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች እናት የእንግዴ ልጇ ጠባሳው ላይ ሥር ሰድዶ ሊጣበቅ ይችላል፤ ይህን በጉልበት መጎተት ደሙን ያባብሰዋል።

አራተኛው፣ ትሮምቢን፣ የደም አለመርጋት ነው። ከአራቱ ብዙም የማያጋጥመው ይህ ነው፤ ሲመጣ ግን ሌላው ሕክምና ሁሉ በከንቱ እንዲሄድ ያደርጋል። የእንግዴ ልጅ ቀድሞ ሲላቀቅ፣ ልጅ ሆድ ውስጥ ከሞተ ሲቆይ፣ በእርግዝና ግፊት ሲከፋ፣ ወይም ብዙ ደም ፈስሶ የመርጊያ ንጥረ ነገሮች ሲያልቁ ይመጣል። ላቦራቶሪ ለሌለው ጤና ጣቢያም መለያ አለው፦ 2 ሚሊ ሊትር ደም ንጹሕ በሆነ ደረቅ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይቀዳና በጭብጥ ውስጥ ሙቀት አግኝቶ ይቆያል። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ካልረጋ፣ ወይም የረጋው ለስላሳ ሆኖ ወዲያው ከተበታተነ፣ ይህች እናት ወደ ደም ባንክና ወደ ሆስፒታል የምትሮጥ ናት።

የእኛዋ እናት የእንግዴ ልጇ ሙሉ ነው፤ ትንሽ ጭረት እንጂ ትልቅ ቅዳጅ የላትም፤ ደሟም ይረጋል። ማህፀኗ ከታሸ በኋላ ይጠነክርና ተመልሶ ይላላል። ፕላስቲኩ 800 ላይ ደርሷል። አዋላጅዋ ሚሶፕሮስቶል ክኒን 800 ማይክሮ ግራም ምላሷ ሥር አስቀመጠችላት። ክኒኑ ቅዝቃዜ አይፈልግም፤ ኦክሲቶሲን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይዳከማል። ፍሪጅ በየጊዜው በሚቋረጥበት ጤና ጣቢያ «መድኃኒቱ ሰጥተናታል ግን አልሠራም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ አዋላጅዋ አምቡላንስ አስጠራች። ጥሪውም ሌላው ሁሉ ካልሆነ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ አማራጭ መሆን የለበትም፤ ማሸቱና መድኃኒቱ ወዲያው ካልያዘ ስልኩ አብሮ መደወል አለበት።

መኪናው እስኪመጣ አንድ ሰው ጓንት ባደረገ እጁ ጭብጡን በብልት በኩል አስገብቶ፣ ሌላውን እጁን በሆድ ላይ አድርጎ ማህፀኑን በሁለቱ መካከል ጨምቆ ይይዛል። እጅ ያደክማል፤ ባለሙያዎች እየተቀያየሩ ነው የሚይዙት። ሌላው መያዣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ሆድ የሚጠቀለልና የሚጠብቅ ልብስ ነው፤ ከእግርና ከሆድ ደሙን ወደ ልብና ወደ አንጎል ስለሚመልስ ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል ባለው መንገድ ጊዜ ይሰጣል። የመድማቱን ምክንያት ግን አያክምም። ልብሱ የሚወልቀውም እናቲቱ ከተረጋጋች በኋላ፣ ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ጊዜ ቢወልቅ ግፊቷ ይወድቃል።

በሆስፒታል ደሟን አዘጋጅተው ሲጠብቋት አንድ ደረጃ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። የባንግላዴሿ ሐኪም ሳየባ አክተር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳወቁት ዘዴ ነው፦ ኮንዶም በካቴተር ጫፍ ላይ በክር ይታሰርና ማህፀን ውስጥ ገብቶ በጨው ውኃ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይሞላል። የተነፋው ፊኛ ማህፀኑን ከውስጥ ይጫነዋል። ለላላ ጡንቻ ይረዳል፤ ለተቀደደ ማህፀን ግን አይሆንም፤ ከገባ በኋላም ደሙ ካልቆመ በሰዓታት መጠበቅ ሳይሆን ወደ ኦፕራሲዮን መግባት ነው።

የእኛዋ እናት ደሟ አልቆመም፤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ሆዷ ተከፍቶ ሐኪሙ ማህፀኑን በሁለት እጁ ሲጨምቀው ደሙ ከቆመ ቀጣዩ ይታወቃል፦ ያን ጭመቃ በስፌት መተካት። ሴራሊዮን የተወለዱት ሐኪም ክሪስቶፈር ቢ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳወቁት ስፌት ክሩን በማህፀኑ አናት ላይ እንደ ማንገቻ አዙሮ አጥብቆ ያስረዋል። ማህፀኑ ይቀራል፤ እናቲቱም ወደፊት መውለድ ትችላለች። ካልሠራ ወደ ማህፀን የሚሄዱ የደም ሥሮች ይቋጠራሉ። ያም ካልሠራ ማህፀኑ ይወጣል። ይህን ውሳኔ ማዘግየት ከባድ ስሕተት ነው፤ ሰውነት ሙቀቱንና የመርጋት አቅሙን ካጣ በኋላ የሚደረግ ኦፕራሲዮን ማህፀኑን አውጥቶ እናቲቱን ላያድን ይችላል። በአገራችን ገጠር ሆስፒታሎች የጽንስ ስፔሻሊስት ባይኖርም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች እነዚህን ሥራዎች እንዲሠሩ ለዓመታት ሲሠለጥኑ ቆይተዋል።

በስፌቱ ደሟ ቆመ፤ ሦስት ከረጢት ደም ተሰጣት። ከዚህ በኋላ ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው ማህፀኗ ይዳሰሳል፣ ምቷና ግፊቷ ይለካል፣ ሽንቷም በቱቦ ይታያል። ወደ ቤት ስትመለስ ለባለቤቷና ለእናቷ የሚነገረው ይህ ነው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ እንቁላል የሚያህል የረጋ ደም ከወጣ፣ ስትነሳ ከዞረባት ወይም ልቧ ከመታባት ወዲያው ትመለስ። የደም ማነስ ክኒኗን ለወራት ትወስዳለች። ሌላ ጊዜ ብታረግዝ የምትወልደው ደምና ኦፕራሲዮን ባለበት ሆስፒታል ነው፤ ይህም ካርዷ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።