ነስር ሲመጣ ጎንበስ እንጂ ቀና አይባልም

ልጁ ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይመታው ደብተሩ ላይ ደም ጠብ ይላል። አንዱ «ቀና በል» ይላል፣ ሌላው አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳል። ቀና ማለት ግን ደሙን ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል እንጂ አያቆመውም። የተዋጠ ደም ያስመልሳል፤ ምን ያህል እንደፈሰሰም ይደብቃል።

አብዛኛው ነስር የሚነሳው ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ ፊተኛ ክፍል ነው። እዚያ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተሰባስበው ይገኛሉ። የበጋ ደረቅ አየር፣ ጉንፋን ወይም አፍንጫን መጎርጎር ስስ ሽፋኑን ሲሰነጥቀው ይደማሉ።

ልጁን አስቀምጡት። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ በአፉ ይተንፍስ፤ አፉ የገባውን ደም ይትፋው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አያያዙ ላይ ነው፤ አጥንቱን ይጨብጣል። የሚያዘው ከአጥንቱ በታች ያለው ለስላሳው ክፍል ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሁለቱም ቀዳዳዎች እስኪዘጉ ጠበቅ አድርጉት። ሰዓት እያያችሁ 10 ደቂቃ ሙሉ አትልቀቁ። «ቆመ ይሆን?» እያሉ በየመሃሉ መልቀቅ መርጋት የጀመረውን ደም ያላቅቀዋል። ካልቆመ ሌላ 10 ደቂቃ ድገሙት።

ከዚያም ካልቆመ፣ ደሙ በጉሮሮ መውረዱን ከቀጠለ፣ ወይም ሰውየው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ። በትልልቅ ሰዎች የደም ግፊትም ይለካ። ነስሩ እየተደጋገመ ድድም የሚደማ ከሆነ፣ ወይም ሰውነት ላይ ያለ ምክንያት ሰማያዊ ምልክት ከታየ፣ ችግሩ አፍንጫው ላይ ሳይሆን ደሙ የመርጋት አቅም ላይ ሊሆን ይችላል። ያኔ የደም ምርመራ እንዲደረግ ጠይቁ።