የስላይድ ትምህርትን ድምፅ ወዳለው ቪዲዮ መቀየር፡ ጊዜን መጠበቅና ጽሑፍን ተነባቢ ማድረግ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት ትምህርት በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ወደ ተማሪዎች ቤት እንዲደርስ ተደርጓል። ይሁንና ለክፍል ውስጥ የተዘጋጀ ስላይድ ብቻውን ሲላክ የመምህሩ ማብራሪያ ይጎድለዋል። ይህ ጽሑፍ በፓወርፖይንት የተዘጋጀ ትምህርት ወደ ቪዲዮ የሚቀየርበትን አሠራር ያብራራል።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚያስተምሩ አንድ የሒሳብ መምህር ክፍልፋዮችን ስለ መደመር አንድ ስላይድ አዘጋጅተዋል እንበል። ስላይዱ ደንቡን፣ የ1/2 + 1/3 ምሳሌን፣ መልመጃውንና መልሱን በአንድነት ይዟል። በክፍል ውስጥ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይነበባል፤ በእጅ ስልክ ላይ ግን ፊደሉ ይደቃል። እንደ ሉ እና ሊ ያሉ ፊደላት የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ብቻ በመሆኑ ተማሪው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ስላይዱ ለአራት ተከፍሎ እያንዳንዱ አንድ ሐሳብ ብቻ እንዲይዝ ማድረግ፣ የፊደሉንም መጠን ከ28 በታች አለማድረግ ይመረጣል።

ቀጥሎ በ`Slide Show` ሥር በሚገኘው `Record Slide Show`፣ በአንዳንድ ቅጂዎች ደግሞ `Record` በሚለው፣ ድምፁ ይቀረጻል። ፕሮግራሙ ድምፁን በየስላይዱ ለይቶ ያስቀምጣል፤ አንዱ ስላይድ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ቅጽበት ግን ድምፅ አይቀርጽም። በመሆኑም ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ፣ ጥቂት ቆይቶ ማለፍ፣ አዲሱ ስላይድ ሙሉ በሙሉ ከታየ በኋላም መናገር መጀመር ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ተቆርጠው ይቀራሉ። በመልመጃው ስላይድ ላይ ተማሪው እንዲሠራ ሃያ ሰከንድ ያህል በዝምታ መቆየት ያስፈልጋል።

ስሕተት ሲገኝ ሁሉንም እንደገና መቅረጽ አያስፈልግም፤ የተሳሳተውን ስላይድ ብቻ ደግሞ መቅረጽ ይበቃል። ለዚህም ሲባል ዋናው የስላይድ ፋይል ቪዲዮው ከተዘጋጀ በኋላም መቀመጥ አለበት።

ወደ ቪዲዮ ከመቀየሩ በፊት በ`Slide Sorter` እይታ በየስላይዱ ሥር የተመዘገበው ሰዓት ይታያል። ሰዓት ያልተመዘገበለት ስላይድ ድምፅ አልባ ሆኖ፣ መቼቱ ካልተለወጠ ለ5 ሰከንድ ብቻ ታይቶ ያልፋል። ከዚህ በኋላ በ`File`፣ `Export`፣ `Create a Video` በኩል ተሂዶ `Use Recorded Timings and Narrations` የሚለው ይመረጣል። ለእጅ ስልክ 720p በቂ ነው፤ 1080p ጥራቱ ቢጨምርም ፋይሉን ስለሚያገዝፍ ለማውረድ ተጨማሪ ዳታ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ቪዲዮው ከመላኩ በፊት በኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን በእጅ ስልክ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታይቶ መረጋገጥ ይኖርበታል።