«ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም»

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የልጆች መጫወቻ አይደለም። ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ሴቱም ወንዱም ይነዳዋል። አስፋልቱን ከብስክሌቱ ጋር የሚሻማው ደግሞ ባጃጅ ነው። ለማሳያ ያህል አንዲት ፀጉር ሠሪ በጠዋት ብስክሌቷን እየነዳች ወደ ሥራዋ ትሄዳለች እንበል። ጎኗን አልፎ የሄደ ባጃጅ፣ «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ፍሬቻ ሳያሳይ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፍባታል። ልጅቷ ቀኝ እጇን ዘርግታ አስፋልቱ ላይ ትወድቃለች። የብስክሌቷ የፊት ጎማ ይጣመማል፣ የእጇ አንጓም ያብጣል። ራጅ ተነሥታ «ስብራት አይታይም» ትባላለች።

በማግሥቱ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ፣ «እህቴ፣ ባጃጁ የሰው ነው፤ እኔ የቀን ገቢ የማስገባ ሰው ነኝ። 15 ሺህ ብር ልስጥሽና በእርቅ እንጨርሰው» ይላል። ልጅቷም አዘነችለት። ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ ዘንድ ሄደው ወረቀቱ ይዘጋጃል፦

«በፍጹም ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ብር 15,000 ተቀብዬ ታርቄያለሁ። ከእንግዲህ ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ በማንኛውም ጊዜ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም። ውሉን ያፈረሰ ወገን ብር 10,000 ይቀጣል። ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።»

ቋንቋው የለመድነው ስለሆነ አያስደነግጥም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እጇ አልሻል ብሏት ሁለተኛ ራጅ ብትነሣስ? ከአውራ ጣት በታች፣ አንጓው ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ አጥንት አለች። ሰው በተዘረጋ እጁ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የምትሰበረው እሷ ናት። ስንጥቋ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ቆይተው ራጁን የሚደግሙት። አጥንቷ ደም በደንብ ስለማይደርሳት ካልታከመች ሳትገጥም ልትቀር ትችላለች። ያኔ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፤ መቀስ ይዛ ለምታድር ፀጉር ሠሪ ደግሞ ቀኝ እጅ እንጀራ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3307 እርቅን ውል ነው ይለዋል፤ ሁለቱም ወገን ከመብታቸው ጥቂት ጥቂት ለቀው ያለውን ክርክር የሚጨርሱበት ወይም ሊመጣ ያለውን የሚያስቀሩበት ውል። በቁጥር 3312 መሠረት ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል፤ «መብቴን ተሳስቼ ነው የለቀቅሁት» ማለትም አያፈርሰውም። በሌላ በኩል ቁጥር 3310 መብትን የመልቀቅ ቃል በጠባቡ ይተርጎም ይላል። ይህ ለተጎጂ የተተወ በር ነው። ይሁን እንጂ «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ምንም ዓይነት» ብሎ የፈረመ ሰው በሩን በገዛ እጁ አጥብቦታል። ያልታየው ስብራትም የመጣው ከዚያው አደጋ ነውና።

ስለዚህ በእርቅ ውል ውስጥ ዋናው ነገር የብሩ መጠን አይመስለኝም። ብሩ ስለየትኛው ጉዳት እንደተከፈለ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። ያንኑ እርቅ ማንም አንብቦ በሚረዳው አማርኛ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

«ሹፌሩ ለእኔ ብር 15,000 ይከፍለኛል። ከዚህ ውስጥ 6,000 ለብስክሌቴ ጥገና፣ 3,000 እስከ ዛሬ ለታከምኩበት፣ 6,000 ሥራ ለማልገባባቸው አሥር ቀናት ነው። ገንዘቡ እጄ ሲገባ እነዚህን ሦስቱን በተመለከተ ሹፌሩን መልሼ አልጠይቅም። ቀኝ እጄ ገና ምርመራ ላይ ነው። በዚህ አደጋ ምክንያት ዛሬ ያልታወቀ ጉዳት በሐኪም ማስረጃ ከተረጋገጠ የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ ነው።»

ሹፌሩ በዚህ ላይፈርም ይችላል፣ አይፈረድበትምም። እሱ የሚከፍለው ነገሩ እንዲያልቅለት ነው፤ ገንዘቡን ሰጥቶ ሥጋቱ ከቀረ ምኑን ታረቀ? ለሁለቱም የሚበጀው የመጨረሻውን ፊርማ ከሁለተኛው ራጅ በኋላ ማድረግ ነው። እስከዚያ ለሕክምና የሚሰጠው ገንዘብ «ከካሳው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ በደረሰኝ ይያዝ። ሕጉም አያቻኩልም፤ በቁጥር 2143 የካሳ ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ይቸኩላሉ። «አንቺ ልጄ፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ ይለቅ» የሚለው ምክር ከቅን ልብ ቢመጣም፣ እንዲህ ባለ ጉዳይ እስኪቀዘቅዝ መጠበቁ ይሻላል።

«ባጃጁ የሰው ነው» የምትለው የሹፌሩ ቃልም ዝም ተብላ አትታለፍም። በቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። የሦስተኛ ወገን መድን መግባትም ግዴታ ነው። እንግዲህ አቅም ያለው ባለቤቱና መድን ድርጅቱ ሆኖ ሳለ፣ ልጅቷ የታረቀችው ኪሱ ባዶ ከሆነው ጋር ነው። ወረቀቷ ስለ ሁለቱ ምንም አይልም። ነገ መድን ድርጅቱ ዘንድ ብትሄድ «ካሳሽን ተቀብለሽ ጨርሰሻል» ልትባል ትችላለች፤ ሹፌሩ ደግሞ «ምንም ጥያቄ አላነሳም ብለሽ አነሣሽ» ብሎ ያችን የ10,000 ብር ቅጣት ሊያነሣባት ይሞክራል። ውሉ ነፃ የሚወጣው ማን እንደሆነና ማን እንዳልሆነ በግልጽ መናገር አለበት፦ «ይህ እርቅ ሹፌሩን ብቻ ይመለከታል፤ የባጃጁን ባለቤትና መድን ሰጪውን የመጠየቅ መብቴን አይነካም።» ሹፌሩም የሚጠነቀቅለት ነገር አለው። የመድን ውሎች ብዙ ጊዜ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋትን ማመንንና መታረቅን ይከለክላሉ፤ ሳያሳውቅ ቢታረቅ የከፈለው ከኪሱ ሊቀር ይችላል።

ብሩ በሁለት ጊዜ የሚከፈል ከሆነ «ተቀብያለሁ» የምትለው ቃል ውሸት ትሆናለች። ግማሹን ይዛ ሙሉውን እንደተቀበለች የፈረመች ሰው ቀሪውን ስትጠይቅ የገዛ ፊርማዋ ይመሰክርባታል። ዛሬ የተሰጠው፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ ነፃነቱም የሚጀምረው የመጨረሻው ብር ሲከፈል መሆኑ ይጻፍ። ወንጀሉ ደግሞ የሁለቱ ብቻ አይደለም። በከባድ ጉዳት ዐቃቤ ሕግ ክስ ቢመሠርት እርቃቸው ክሱን አይዘጋውም፤ «ክሱን አዘጋለሁ» የሚል ቃል በእጇ የሌለውን መስጠት ነው።

የፊርማው ነገር ይቀረናል። በጽሑፍ ለሚደረግ ውል ሕጉ በቁጥር 1727 የተዋዋዮቹን ፊርማና ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል። የልጅቷ ቀኝ እጅ ጄሶ ውስጥ ነውና በግራዋ ትፈርማለች፤ ፊርማው መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። እንግዲያው ከፊርማው ሥር አንድ መስመር ይጨመር፦ «ቀኝ እጄ በጄሶ ስለታሰረ በምስክሮቹ ፊት በግራ እጄ ፈርሜያለሁ።»