100 ዋት የት ላይ ነው?

በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የቤት ሶላር ያለው ሰው የፓኔሉን ጀርባ ቢያይ፣ ከ«100 ዋት» ሥር ሁለት የቮልትና ሁለት የአምፒር ቁጥሮች ያገኛል። በተለመደው ባለ 36 ሴል ፓኔል ላይ እነዚህ 22 ቮልትና 6 አምፒር፣ እንዲሁም 18 ቮልትና 5.6 አምፒር ገደማ ናቸው። 22ን በ6 ብናባዛ 132 ይመጣል፤ ይህን ያህል ዋት ግን ከፓኔሉ አይወጣም። 22ቱ ቮልት የሚለካው ሽቦዎቹ ከምንም ሳይገናኙ፣ ከረንት ሳይፈስ ነው። 6ቱ አምፒር የሚገኘው ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ሲነካኩ፣ ቮልቴጁ ዜሮ ሲሆን ነው። በሁለቱም ጫፍ ኃይል የለም። ስለዚህ ፓኔል ሲገዙ ቮልቱን ብቻ ለክቶ መርካት አያዋጣም፤ በደመናማ ቀን እንኳ መለኪያው 20 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል።

በጫፎቹ መካከል ያለውን ለመረዳት ወደ አንዱ ሴል እንግባ። ብርሃን ሲሊከኑ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ከረንቱም ይበረታል። ሴሉ ግን ራሱ ዳዮድ ነው። መሐንዲሶች በወረቀት ሲስሉት አንድ የከረንት ምንጭ ያደርጉና ከጎኑ ዳዮድ ያስቀምጣሉ፤ ከረንቱ ወይ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወይ በዳዮዱ አልፎ እዚያው ይመለሳል። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ዳዮዱ ዝግ ስለሆነ ከረንቱ ሁሉ ለእኛ ይደርሳል። ግማሽ ቮልት አካባቢ ዳዮዱ መከፈት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ የቮልት ጭማሪ ተመላሹን ከረንት በእጥፍ ያበዛዋል። 0.6 ቮልት ገደማ ላይ ምንም አይተርፍም።

ቮልቴጅን አግድም፣ ከረንትን ሽቅብ አድርገን ብንስል መስመሩ የአምባ መልክ ይይዛል፦ ረጅም ሜዳ፣ ከዚያ ገደል። ኃይል የቮልትና የአምፒር ብዜት ስለሆነ፣ ትልቁ ብዜት የሚገኘው ሜዳው አልቆ ገደሉ ሊጀምር ሲል፣ ጠርዙ ላይ ነው። 18 ሲባዛ በ5.6፤ 100 ዋት የሚባለው ይህ አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

ነጥቡን የሚመርጠው ግን ፓኔሉ ሳይሆን የተገናኘው ዕቃ ነው። በርካሹ ቻርጅ ኮንትሮለር በኩል ባትሪው ፓኔሉን ወደ ራሱ 12.5 ቮልት ይጎትተዋል። 12.5 በ5.8 አምፒር 72 ዋት ያህል ነው፤ የቀረው ፓኔሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኤምፒፒቲ የሚባለው ኮንትሮለር ግን የፓኔሉን ቮልት በጥቂቱ እየነካካ ኃይሉ ከጨመረ በዚያው ይቀጥላል፣ ከቀነሰ ይመለሳል፤ እንዲህ ጠርዙን ያገኛል። ከዚያ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ይለውጣል። መሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ ወደ ባትሪው የሚገባው አምፒር ከፓኔሉ ከሚወጣው መብለጥ አለበት።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል አይሰፋም። የጀርባው ቁጥር የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እያለ ነው። በቆላ የቀትር ፀሐይ ሴሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ጠርዙ ከ18 ወደ 15.5 ቮልት ገደማ ይወርዳል፤ ሊሞላ የተቃረበ ባትሪ ደግሞ ወደ 14 ቮልት ይወጣል። ሁለቱ እንዲህ ሲቀራረቡ ትርፉ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚሆን፣ ለአንድ ፓኔል ብቻ ከሆነ በተጨማሪው ገንዘብ ሁለተኛ ፓኔል መግዛት ይሻላል እላለሁ።